ካፓሲተር ከመገዛቱ በፊት፦ ዝቅተኛ ፓወር ፋክተር ስለ ወርክሾፑ የሚናገረው

በወርክሾፕ የኤሌክትሪክ ሂሳብ ላይ የፓወር ፋክተር ቅጣት በወጣ ጊዜ ባለቤቱ የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ካፓሲተር አስገጥም»። ምክሩ ሐሰት አይደለም። ካፓሲተር በትክክል ከተገጠመ ፓወር ፋክተሩ ከፍ ይላል፣ ቅጣቱም ይነሳል። ጉድለቱ ምክሩ ከምርመራው መቅደሙ ነው። በድኅረ ምረቃ ጥናቶች ዘንድም ይኸው ልማድ ይታያል፤ ከሂሳቡ ላይ ፓወር ፋክተሩ ይወሰዳል፣ የሚፈለገው 0.95 ይቀመጣል፣ ልዩነቱ በኪሎቫር ይሰላል፣ የካፓሲተሩ ዋጋ በስንት ወር እንደሚመለስ ይገለጽና ጥናቱ ይዘጋል። ያ ሁሉ ሪአክቲቭ ኃይል በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ሰዓት፣ ለምን እንደተወሰደ ሳይጠየቅ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ አቋም የቅጣቱ መስመር ከዕዳነቱ ይልቅ እንደ ምርመራ ውጤት መነበብ አለበት፣ ካፓሲተርም የሚገዛው ይህ ንባብ ካለቀ በኋላ ነው የሚል ነው።

ነገሩ ከሞተር ይጀምራል። በወርክሾፕ ውስጥ ያለው ኢንዳክሽን ሞተር ለመሽከርከር አስቀድሞ መግነጢሳዊ መስክ መፍጠር አለበት። ለዚህ መስክ የሚሆነውን ኃይል ከመስመሩ ይወስዳል፣ መልሶም ይሰጣል፤ በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ይህ መመላለስ በአንድ ሰከንድ 100 ጊዜ ይደረጋል። የተመላለሰው ኃይል እንጨት አይቆርጥም፣ ብረት አይበሳም፤ ነገር ግን በሽቦውና በትራንስፎርመሩ ውስጥ እውነተኛ አምፔር ሆኖ ያልፋል። ለጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ የሚሆነው ደግሞ ይህ ነው፦ ሞተሩ ባዶውን ቢዞርም በሙሉ ጭነት ቢሠራም መስኩን ለመፍጠር የሚያስፈልገው ኃይል ብዙ አይለዋወጥም። ሥራ ሲቀንስ የሚቀንሰው አክቲቩ ኃይል ነው፤ ሪአክቲቩ ባለበት ይቆያል ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ፓወር ፋክተሩ የሚወድቀው ሞተሩ በበዛበት ሰዓት ሳይሆን ሥራ በፈታበት ሰዓት ነው።

ለምሳሌ አንድ 15 ኪሎዋት፣ ባለ አራት ፖል ሞተር ይወሰድ። በሙሉ ጭነት ፓወር ፋክተሩ 0.85 ገደማ ይሆናል፤ ወደ 10 ኪሎቫር ይወስዳል። በአቅሙ ሩብ ብቻ ሲሠራ 7.6 ኪሎቫር ገደማ ይወስዳል፤ ከመስመሩ የሚያገኘው አክቲቭ ኃይል ግን 4.4 ኪሎዋት ያህል ብቻ በመሆኑ ፓወር ፋክተሩ ወደ 0.5 ይወርዳል። ፈጽሞ ባዶውን ሲዞር ደግሞ 7 ኪሎቫር ገደማ እየወሰደ ፓወር ፋክተሩ 0.1 አካባቢ ይደርሳል። አሃዙ እንደ ሞተሩ ሥሪት ይለያያል እንጂ አካሄዱ አይለወጥም።

ከዚህ በመነሳት ሂሳቡን ማንበብ ይቻላል። አክቲቭና ሪአክቲቭ ፍጆታን ለየብቻ የሚመዘግብ ቆጣሪ ባለበት፣ የወሩ አማካይ ፓወር ፋክተር ከሁለቱ ንባቦች እንዲህ ይገኛል፦

```
PF = kWh / √(kWh² + kvarh²)
```

ይሁን እንጂ አንድ አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። የሚጠቅመው የ12 ወራትን ሂሳብ ደርድሮ ሁለቱን ንባቦች ጎን ለጎን ማየት ነው። ሥራ በቀዘቀዘባቸው ወራት ኪሎዋት ሰዓቱ ወርዶ ኪሎቫር ሰዓቱ ባለበት ከቆየ፣ ማሽኖች ያለ ሥራ እየዞሩ ነው። ሁለቱም ከወር ወር ሳይዛነፉ ፓወር ፋክተሩ ለዓመታት ዝቅ ብሎ ከኖረ፣ ከሥራው በላይ የሆነ ሞተር መኖሩ ይጠረጠራል። ኪሎዋት ሰዓቱ ምንም ሳይለወጥ ኪሎቫር ሰዓቱ በአንድ ወር ውስጥ ዘሎ ከተገኘ ግን ወርክሾፑ ሥራውን አልለወጠም፤ ቀድሞ የተገጠመ ካፓሲተር ከአገልግሎት ወጥቷል። በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ከሄደም ካፓሲተሩ ሊሆን ይችላል፤ ብረት የተቀባ ፕላስቲክ ፊልም ያላቸው ካፓሲተሮች በውስጣቸው የሚደርሰውን ጥቃቅን ብልሽት ራሳቸው እየጠገኑ፣ በጠገኑ ቁጥር ግን ከአቅማቸው ጥቂት ጥቂት ያጣሉ።

ለማሳያ እንዲሆን በሮችና የቤት ዕቃ የሚያመርት አነስተኛ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ይታሰብ። አሃዞቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ ይሁንና እንዲህ ባለ ቤት ከሚጠበቀው የራቁ አይደሉም። ወርክሾፑ በ380 ቮልት ባለሦስት ፌዝ መስመር፣ በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት፣ ማለትም በወር 208 ሰዓት ይሠራል። የጥቅምት ሂሳቡ 3,000 ኪሎዋት ሰዓትና 1,450 ኪሎቫር ሰዓት ያሳያል፤ ፓወር ፋክተሩ 0.90 ነው። የኅዳሩ ሂሳብ 2,950 ኪሎዋት ሰዓትና 4,500 ኪሎቫር ሰዓት ይዞ ይመጣል፤ ፓወር ፋክተሩ 0.55 ሆኗል። ባለቤቱ ቆጣሪው ተበላሽቷል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ ሠራተኛ አልጨመረ፣ ማሽን አልገዛ፣ ያመረተውም ያንኑ ያህል ነው።

ዝላዩ 3,050 ኪሎቫር ሰዓት ነው። ይህ ለ208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል 14.7 ኪሎቫር ይሆናል። በዋናው ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ከዓመታት በፊት የተገጠመ፣ ጠዋት ከመስመሩ ጋር የሚገባና ማታ የሚወጣ አንድ ካፓሲተር አለ፤ ሰሌዳው ላይ ግን 20 ኪሎቫር ይላል። ቁጥሮቹ የማይገጥሙ ይመስላሉ። መልሱ እዚያው ሰሌዳ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል፦ 20 ኪሎቫር የሚሰጠው በ440 ቮልት ነው። ካፓሲተር የሚሰጠው ኪሎቫር በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚለዋወጥ በ380 ቮልት የሚሰጠው 14.9 ኪሎቫር ብቻ ነው። እንግዲህ ከሂሳቡ ሁለት ንባቦችና ከአንድ ሰሌዳ ብቻ፣ ሳጥኑ ሳይከፈት፣ ካፓሲተሩ ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ መሆኑን ማወቅ ተችሏል። (ሻጩ «20 ኪሎቫር ገጠምኩ» ሲል ያልዋሸ፣ ገዥውም 20 ኪሎቫር ያላገኘ መሆኑ በዚህ ሙያ የተለመደ አለመግባባት ነው።)

በክላምፕ ሜትር ሲለካ ሦስቱም መስመሮች ዜሮ አምፔር ያሳያሉ። ሳጥኑ ሲከፈት የካፓሲተሩ ክዳን አብጦ ወደ ላይ ወጥቷል፤ በውስጡ ጋዝ ሲጠራቀም ግንኙነቱን የሚበጥሰው መከላከያ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። የሳጥኑ የአየር መግቢያ በሰጋቱራ ተደፍኗል፤ ሙቀት የካፓሲተር ዋነኛ ጠላት በመሆኑ ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ አያሻም። ሁልጊዜ ግን ሦስቱም ዜሮ አይሆኑም። ይኸው ካፓሲተር ጤናማ ሲሆን በእያንዳንዱ መስመር 23 አምፔር ገደማ ያሳልፋል። አንዱ መስመር ዜሮ ሆኖ ሁለቱ ወደ 20 አምፔር ካሳዩ አንድ ፊውዝ ተቃጥሏል፤ ካፓሲተሩ ግማሽ ኃይሉን ይሰጣል። አንዱ መስመር 23 እንደሆነ ቆይቶ ሁለቱ ወደ 13 ከወረዱ በዴልታ ከተያያዙት ሦስት ክፍሎች አንዱ በውስጥ ተቋርጧል፤ የቀረው ሁለት ሦስተኛው ነው። ሦስቱም ዜሮ ሆነው ካፓሲተሩ ያላበጠ እንደሆነ ደግሞ በቅድሚያ መታየት ያለበት ኮንታክተሩ ነው፤ በአንድ ጥቅል መቃጠል ምክንያት ጤናማ ካፓሲተር ተነቅሎ ሲጣል ገንዘብ በከንቱ ይባክናል። ይህ ሁሉ ልኬት ሽቦውን ሳይነኩ ከውጭ የሚደረግ ነው። ካፓሲተሩን መንካት ካስፈለገ መስመሩ ተቋርጦ መልቀቂያ ሬዚስተሩ ቮልቴጁን ከ75 በታች እስኪያወርደው ቢያንስ 3 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያም ለክቶ ማረጋገጥ ይገባል፤ ባበጠ ካፓሲተር ላይ ሬዚስተሩም ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል መለካቱ በተለይ አይታለፍም።

በተለመደው አሠራር ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ያበጠው ይነቀላል፣ አዲስ 20 ኪሎቫር ይተካል፣ የታኅሣሥ ሂሳብም ወደ 0.90 ይመለሳል። ይሁን እንጂ የኅዳር ሂሳብ ከጥቅምቱ ይልቅ እውነተኛው የወርክሾፑ መልክ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ካፓሲተሩ ሲወድቅ አዲስ ችግር አልፈጠረም፤ የሸፈነውን ገለጠ እንጂ። በአማካይ 14.2 ኪሎዋት ለሚወስድ ቤት ወደ 22 ኪሎቫር የሚጠጉ መግነጢሳዊ መስኮች ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ። ሞተሮቹ በሚገባ ተጭነው የሚሠሩ ቢሆኑ ኖሮ ለዚያው ኪሎዋት 9 ኪሎቫር ገደማ ይበቃ ነበር። ቀሪው 13 ኪሎቫር ከየት መጣ?

መልሱ የሚገኘው በሻይ ሰዓት ነው። ሠራተኞች ለሻይ ሲወጡ ማሽኖቹ አይጠፉም፤ ያን ጊዜ ክላምፕ ሜትር ይዞ ከማሽን ወደ ማሽን የሚዞር ሰው የወርክሾፑን ምሥጢር በ20 ደቂቃ ያውቀዋል። ባለ 7.5 ኪሎዋቱ ክብ መጋዝ ምንም ሳይቆርጥ 6.5 አምፔር ይወስዳል፤ ወደ 4.2 ኪሎቫር ነው። ባለ 7.5 ኪሎዋቱ ፕላነርም እንዲሁ። ሁለቱ ትናንሽ ማሽኖች፣ ባለ 4 ኪሎዋት፣ እያንዳንዳቸው 2.5 ኪሎቫር ገደማ ይይዛሉ። የሰጋቱራ መሳቢያው ሞተር 7.6 ኪሎቫር ያሳያል። ድምሩ 21 ኪሎቫር ነው፤ ሂሳቡ ካለው ጋር ይገጥማል። አንድም እንጨት እየተቆረጠ አይደለም።

መጋዙ በቀን ውስጥ በእርግጥ የሚፈለገው 3 ሰዓት ያህል ነው፣ ፕላነሩም እንዲሁ፤ ትናንሾቹ 2 ሰዓት። በቀረው ጊዜ ይዞራሉ፤ አንዱ ሠራተኛ «ደግሞ ልፈልገው እችላለሁ» ስለሚል፣ ማጥፊያውም ከግድግዳው ላይ ከሥራ ቦታው ርቆ ስለተተከለ። ይህ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የወርክሾፑ አቀማመጥና የሥራ ቅደም ተከተል በሂሳቡ ላይ የጣለው አሻራ ነው። ባዶውን የሚዞር ማሽን ከሪአክቲቩ ሌላ በቀበቶ፣ በኩሽኔታና በአየር ፍትጊያ አክቲቭ ኃይልም ያባክናል፦ መጋዙና ፕላነሩ እያንዳንዳቸው 0.8 ኪሎዋት፣ ትናንሾቹ 0.5። ካፓሲተር ይህን ብክነት አንዲት ዋት እንኳ አይቀንሰውም፤ የሚያደርገው ሪአክቲቩን በቅርብ ማቅረብ ብቻ ነው። ቅጣቱን በካፓሲተር ያስነሳ ባለቤት ብክነቱን ግን በየወሩ መክፈሉን ይቀጥላል፤ ከእንግዲህ የሚያስታውሰው መስመርም በሂሳቡ ላይ አያገኝም።

የሰጋቱራ መሳቢያው ታሪክ የተለየ ነው። ቀኑን ሙሉ መሥራት አለበት፤ ማጥፋቱ መፍትሔ አይደለም። ይሁን እንጂ ማራገቢያው የሚፈልገው 3.75 ኪሎዋት ያህል ሲሆን የሚያሽከረክረው ሞተር ባለ 15 ኪሎዋት ነው። የመጀመሪያው ሞተር 5.5 ኪሎዋት ነበር፤ በተቃጠለ ጊዜ በዕለቱ በገበያ የተገኘው ያገለገለ ሞተር 15 ኪሎዋት ሆነና «ትልቅ መሆኑ አይጎዳም» ተብሎ ተገጠመ። ይህ አባባል ለሞተሩ ዕድሜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሂሳቡ ግን አይደለም። በ5.5 ኪሎዋት ሞተር ይኸው ሥራ በ3.65 ኪሎቫር ይሠራ ነበር። ሲተካ መታየት ያለበት የፖሉ ቁጥርና የዙሩ ፍጥነት አንድ መሆኑ ነው፤ የማራገቢያ የኃይል ፍላጎት በፍጥነቱ ኩብ ስለሚያድግ በፈጠነ ሞተር የተተካ ማራገቢያ አዲሱን ሞተር ሊያቃጥለው ይችላል።

ከሻይ ሰዓቱ ልኬት አንድ ሌላ ነገርም ሊገለጥ ይችላል። ከሁለቱ ባለ 7.5 ኪሎዋት ሞተሮች አንዱ ያለ ጭነት 6.5 አምፔር ሲወስድ ሁለተኛው 10 አምፔር ቢያሳይ፣ ጥያቄው ወደ ጠምጣሚው ይሄዳል። የተቃጠለ ሞተር እንደገና ሲጠመጠም ከመጀመሪያው ያነሰ ዙር ከተሰጠው መስኩ ከመጠን በላይ ይበረታል፣ የመስክ አምፔሩም በእጅጉ ያድጋል። ሮተሩ ስታተሩን እየነካ ነው ተብሎ በቶርኖ ከተላገም በሁለቱ መካከል ያለው የአየር ክፍተት ይሰፋል፤ መስኩን በዚያ ክፍተት ለማሻገር ተጨማሪ አምፔር ይጠይቃል። ሁለቱም ጥገናዎች ማሽኑን መልሰው ያስነሱታል፤ ስለዚህ ጠምጣሚውም ባለቤቱም ሥራው በደህና እንዳለቀ ያስባሉ። ከተጠመጠመ በኋላ ያለ ጭነት የሚወስደውን አምፔር ለክቶ ከቀድሞው ጋር ማስተያየት ግን 5 ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው፤ ክፍያም ከዚህ ፈተና በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ወደ ሂሳቡ መመለስ ይቻላል። መጋዙና ፕላነሩ በማይፈለጉባቸው 5 ሰዓታት፣ ትናንሾቹ በማይፈለጉባቸው 6 ሰዓታት ቢጠፉ፣ በወር 1,870 ኪሎቫር ሰዓት ያህልና 364 ኪሎዋት ሰዓት ይቀንሳል። የመሳቢያው ሞተር በ5.5 ኪሎዋት ቢተካ ሌላ 820 ኪሎቫር ሰዓት ይቀንሳል። የወሩ ንባብ ወደ 2,586 ኪሎዋት ሰዓትና 1,810 ኪሎቫር ሰዓት ይወርዳል፤ ፓወር ፋክተሩ 0.82 ይሆናል። ይህ ሁሉ ያለ አንድ ካፓሲተር ነው። ውሉ 0.9 የሚጠይቅ ከሆነ ቀሪውን ለመሙላት 5 ኪሎቫር በ400 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ ካፓሲተር ይበቃል፤ በ380 ቮልት 4.5 ኪሎቫር ገደማ ሰጥቶ ፓወር ፋክተሩን ወደ 0.95 ያደርሰዋል።

ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ የሚሆነው ሊጤን ይገባል። ባለቤቱ አስቀድሞ አዲስ 20 ኪሎቫር ካፓሲተር ቢገዛና ማሽኖቹን ማጥፋትና ሞተሩን መቀየር በኋላ ቢከተሉ፣ ካፓሲተሩ በወር 3,100 ኪሎቫር ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ቤቱ የሚፈልገው ግን 1,810 ብቻ ነው። ትርፉ ወደ መስመሩ ይመለሳል፤ የካፓሲተር ወገን ሪአክቲቭንም የሚመዘግብ ቆጣሪ ባለበት ቅጣቱ በሌላ በር ይገባል፣ ማሽኖች በጠፉባቸው ሰዓታትም የቤቱ ቮልቴጅ ከፍ ይላል። ብክነቱን የቀነሰ ባለቤት በመቀነሱ ይቀጣል ማለት ነው። ከሂሳቡ ፓወር ፋክተር ቀጥታ ወደ ኪሎቫር የሚሸጋገር ጥናት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የወርክሾፑን መጥፎ ልማድ እንደማይለወጥ የተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ይወስደዋል።

ለዚህ አቋም ተቃውሞ ሊቀርብበት ይችላል፤ አንዳንዱም ሚዛን የሚደፋ ነው። ሞተርን በየደቂቃው ማጥፋትና ማስነሳት አይገባም፤ ሲነሳ ከመደበኛው 6 እጥፍ የሚደርስ አምፔር ስለሚወስድ በሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ማስነሳት ጥቅሉን ያሞቀዋል፣ ኮንታክተሩንም ይበላዋል። ስለዚህ ደንቡ ሁለት ሳንቃ በመቁረጥ መካከል ያለውን ዕረፍት አይመለከትም፤ ከ10 ደቂቃ በላይ ለሚዘልቅ ሥራ ፈትነት ነው። ደህና የሚሠራን ትልቅ ሞተር ለፓወር ፋክተር ብቻ ሲሉ መጣልም ሁልጊዜ አያዋጣም፤ በሚቀጥለው ብልሽት ጊዜ በልኩ እንዲተካ መዝግቦ መያዝ ይበቃ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ካፓሲተሩ ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ ይህም ውሳኔ እንጂ ግምት አይሆንም።

አሳሳቢ የሆነው ሌላው ነገር ኃይል አቅራቢው ለምን እንደሚቀጣ አለመታወቁ ነው። ያው 14.2 ኪሎዋት በ0.90 ፓወር ፋክተር 24 አምፔር ይጠይቃል፤ በ0.55 ወደ 39 አምፔር። በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ኃይል በአምፔሩ ስኩዌር ስለሚያድግ ከትራንስፎርመሩ እስከ ወርክሾፑ ያለው ብክነት 2.7 እጥፍ ይሆናል፤ በዚያው ትራንስፎርመር ላይ ያሉ ጎረቤቶችም የቮልቴጁን መውረድ አብረው ይቀበላሉ።

ትንሹ ካፓሲተር የት እንደሚገጠምም ቀላል ጥያቄ አይደለም። መሳቢያው ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ካፓሲተሩን በቀጥታ በሞተሩ ተርሚናል ላይ ማሰር ምቹ ይመስላል። ነገር ግን የ5.5 ኪሎዋት ሞተር ያለ ጭነት የሚፈልገው 3.3 ኪሎቫር ገደማ ነው፤ በተርሚናሉ ላይ የሚታሰር ካፓሲተር ከዚህ 90 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ መስመሩ ሲቋረጥ ከባዱ ማራገቢያ በራሱ ግፊት እየዞረ ሞተሩን ወደ ጄኔሬተር ይለውጠዋል፣ ካፓሲተሩም መስኩን ያቀርብለታል፤ የጠፋ በተባለ ማሽን ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይገኛል። ስለዚህ 4.5 ኪሎቫር የሚሰጠው ካፓሲተር በዋናው ሳጥን ውስጥ፣ በራሱ ፊውዝና በራሱ ኮንታክተር፣ ከመሳቢያው ጋር አብሮ የሚገባና የሚወጣ ሆኖ መገጠም አለበት፤ ሳጥኑም ሰጋቱራ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ።